ለጋሽ አጥናፉ የለጠፍኩት ምስጋና

ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ክረምት አልፏል። ዛሬም የውኃ ፓምፕ እጀታ ሲንቋቋ ከሰማሁ እቆማለሁ። ሴቶቹ እንስራና ጀሪካን ደርድረው ሲቀዱ ራቅ ብዬ አዳምጥና ምን እንደጎደለው ሳልነካው እናገራለሁ። ብዙ ጊዜ ተገፍቶ ውኃው ከዘገየ፣ ከመጣ በኋላ ግን በደንብ ከወረደ፣ ከታች ያለው መዝጊያ ያፈሳል ማለት ነው። ቶሎ መጥቶ ከቀጠነ ላስቲኩ አልቋል። እጀታው ባዶ ሆኖ ከተወረወረ ዘንጉ ተበጥሷል። በመንዝና በግሼ ከእኔ የተሻለ ጆሮ ያለው የእጅ ፓምፕ ባለሙያ አልነበረም። ነበረ የሚል ካለ ይምጣና እንከራከር። አንድ ሰው ብቻ ይበልጠኝ ነበር፤ የምጽፈውም ስለ እሱ ነው።

እኔ ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ማንበብ ያጠናሁት በእርሻ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ እያነበብኩ ነው። መሐል ሜዳ የውኃ ጽሕፈት ቤት መጋዘን ዘበኛ ሆኜ ተቀጠርኩ። በር ስጠብቅ ቀኑ ስለሚረዝምብኝ፣ ተበላሽተው የመጡትን ፓምፖች በዓይኔ እየፈታሁ በዓይኔ መግጠም ጀመርኩ። በዓመቱ ከዲፕሎማ ጋር የመጣ አንድ ልጅ ሁለት ቀን ያቃተውን ሲሊንደር ከሰዓት በኋላ ፈትቼ ገጠምኩት። ኃላፊው አይቶ «ዘበኛው ከቴክኒሻኑ በለጠ እኮ» አለና ሳቀ። በሳቅ ግን አልቀረም፤ በወሩ ወደ ጥገና አዛወረኝ። ደመወዙ ያው የኮንትራት ነበር፤ እኔ ግን ቱታ ለበስኩ።

ከዚያ ወደ ራቤል ተላክሁ፣ ከራቤል ወደ ሞላሌ፣ ከሞላሌ ደግሞ ወደ ራቤል። ብዙ አለቆች አይቻለሁ። አንዱ ሪፖርት የሚወድ ነበር፤ ፓምፑ ሠራ አልሠራ ግድ የለውም፣ ወረቀቱ ይምጣለት ብቻ። ሌላው ደህና ሰው ነበር፣ ብርድ ግን አይችልም፤ በሐምሌ ግሼ ላይ አንድ ቀን አድሮ ዳግመኛ አልተመለሰም። አለቆች ይመጣሉ ይሄዳሉ። የሰው እጅ የሚያስተካክለው አብሮት ቁልፍ የሚይዝ ሰው ነው። የእኔን እጅ ያስተካከሉት ጋሽ አጥናፉ ናቸው። ይህ እውነተኛ ስማቸው አይደለም፤ ለምን እንደቀየርኩት ወደ ታች ይገባችኋል።

ጋሽ አጥናፉ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ጺማቸውን በየጠዋቱ የሚላጩ ሰው ነበሩ። ጉድጓድ ዘንድ ሲደርሱ መሣሪያ አያወጡም። መጀመሪያ ውኃ የምትቀዳ ሴት ይፈልጋሉ።

«እመቤቴ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው ያመመው?» ይሏታል፣ ስለ ፓምፑ።

«ከደብረ ታቦር ወዲህ ነው፣ ጌታዬ። ጠዋት ጠዋት ይኮራል።»

«ስንት ጊዜ ስትገፊው ነው የሚታረቅሽ?»

እኔ መጀመሪያ ጊዜ ማባከን መስሎኝ «ጋሼ፣ ሴትዮዋ ምን ታውቃለች?» ብዬ ነበር። «ሐኪም የሚጠይቀው በሽተኛውን ነው ወይስ ሌላ ሐኪም?» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኳቸውም። ከጠየቁ በኋላ ራሳቸው አርባ ጊዜ ይገፋሉ፣ ጆሯቸውን ቱቦው ላይ ያሳርፋሉ፣ በመጨረሻ እጃቸውን በሳሙና ታጥበው ክዳኑን ይከፍታሉ። «ሰው የሚጠጣው ነው» ይላሉ። ሳሙና በኪሳቸው የሚይዝ ሜካኒክ ከእሳቸው ሌላ አላየሁም፤ አሁን እኔም እይዛለሁ።

ከሁሉ የከፋው ሥራ ቱቦ ማውጣት ነው። ፓምፑ ከመሬት በታች በረጅም የብረት ቱቦ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚኖረው። ቱቦው ሦስት ሦስት ሜትር እየሆነ የተያያዘ ስለሆነ አንድ አንዱን እየሳቡ፣ እየፈቱ ያወጡታል። የላይኛው ሲፈታ የታችኛውን ሁሉ ክብደት የሚይዘው ክላምፕ ነው፤ የቱቦውን አንገት በሁለት ብሎን ጨምቆ ጉድጓዱ አፍ ላይ የሚቀመጥ ብረት። ጋሽ አጥናፉ ሁለቱንም ብሎን በቁልፍ ካጠበቁ በኋላ እንደገና በእጃቸው ይነካኩታል፤ ከዚያ በኋላም ቱቦውን በገመድ አስረው ጉድጓዱ ላይ ከቆመው ባለ ሦስት እግር መሳቢያ ጋር ያያይዙታል። «ሸክም ባለበት ብረት ላይ አንድ እምነት አይበቃም» ይሉ ነበር።

አሁን ወደ ክፉው ዓመት ልግባ።

ባለቤቴ አስካለ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ልጃችን ፀዳለ ገና ትንሽ ናት፣ አያቷ ዘንድ ቀርታለች። እኔ ከራቤል ደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ብርሃን ራቤል ስመላለስ፣ ሌሊት በአውቶቡስ፣ ሌሊት በሆስፒታል ኮሪደር፣ እንቅልፍ ምን እንደሚመስል ረስቼ ነበር። ያን ጊዜ ከራቤል አፋፍ ወረድ ብላ ወዳለች አንዲት መንደር ሄድን። ስሟን አልጽፍም። አንድ ጊዜ ጽፌው የሆነውን አይቻለሁ።

ጉድጓዱ ጥልቅ ነበር። ግማሹን ቱቦ አውጥተን ነበር። ጋሽ አጥናፉ የወጡትን ቱቦዎች ለማጠብ ከጉድጓዱ ወረድ ብለው ሄዱ። እኔ ክላምፑን አሰርኩ። አንዱን ብሎን አጠበቅኩ፤ ሁለተኛውን አጥብቄአለሁ ብዬ አመንኩ። ገመዱንም «ለአንድ ቱቦ ምን ያደርጋል» ብዬ ተውኩት። የላይኛውን ስፈታ ክላምፑ ተንሸራተተ። ድምፁ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ ነው፤ ረጅም ፉጨት፣ ከዚያ ከመሬት ሆድ የመጣ አንድ ጊዜ «ድም»።

ጋሽ አጥናፉ እየሮጡ መጡ። አልጮኹም። ተንበርክከው ክላምፑን አዩ፤ ያልጠበቀውን ብሎን በጣታቸው አዞሩት፤ ዞረ። ቀና ብለው አዩኝና ክላምፑን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ሦስት ቀን በመንጠቆ ፈለግን። መንጠቆ ማለት ወደ ጉድጓዱ ወርዶ የወደቀውን ቱቦ አፍ የሚይዝ ብረት ነው። ሁለት ጊዜ ያዘ፣ ሁለት ጊዜ ለቀቀ። ቱቦው ተሰብሮ ግድግዳው ላይ ተቀርቅሮ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጋሽ አጥናፉ «በቃ፤ ሞቷል» አሉ። ጉድጓዱ በድንጋይ ተከደነ።

በመንደሪቱ ሌላ ውኃ የለም። ገደሉ ሥር ያለች ምንጭ ብቻ፤ ወርዶ ለመውጣት የጠዋቱ ሰዓት የሚያልቅባት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተሰበሰበ። የመንደሪቱ ሽማግሌ «ማን ነው የጣለው?» ብለው ጠየቁ። እኔ ኮንትራት ነኝ፤ ዲፕሎማ የለኝም። ጥፋቱ በስሜ ከተጻፈ በዚያው ሳምንት እባረራለሁ፤ ሚስቴ ሆስፒታል ናት። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ ጋሽ አጥናፉም ያውቃሉ።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ አጥናፉ።

«አንተ? አንተ የእኛ አማች አይደለህ እንዴ? ከእኛ ቤት ሚስት ወስደህ ውኃችንን ቀበርከው?»

«እጄ ከዳኝ።»

«መድኃኔዓለም ይመስክር በል።»

ጋሽ አጥናፉ ዞረው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዩ። ከዚያ «መድኃኔዓለም ይመስክር፤ እኔ ነኝ» አሉ።

እኔ አጠገባቸው ገመድ ይዤ ቆሜአለሁ። አፌን አልከፈትኩም። በሕይወቴ ብዙ ተናግሬአለሁ፣ ብዙ ሰውም በንግግር ረትቻለሁ፤ የዚያን ቀን ግን አልተናገርኩም።

ለቢሮው የሚላከውንም ሪፖርት በእጃቸው ጻፉ። ቢሮውም ከጥገና ቡድን መሪነታቸው አወረዳቸው። አስካለ በኅዳር አረፈች። ከዚያ በኋላ ያለውን ዓመት ጋሽ አጥናፉ አብረውኝ ተሸከሙት። በየጉድጓዱ ይዘውኝ ይዞራሉ፣ ቁልፍ ግን አያስይዙኝም። «ቁጭ በልና ንገረኝ» ይላሉ። እኔ በአፌ እነግራቸዋለሁ፤ አንደኛ ብሎን፣ ሁለተኛ ብሎን፣ በእጅ መንካት፣ ገመድ። እንደ ዳዊት አስደገሙኝ። ከወራት በኋላ ሞላሌ ገበያ ዳር ባለው ፓምፕ ላይ፣ ገበያተኛው ሁሉ እያየ፣ ቁልፉን እጄ ላይ አኖሩትና ዞር ብለው ቆሙ። ከዚያ ቀን እስከ ጡረታዬ አንድም ቱቦ አልጣልኩም። ይህን ስናገር አልተኩራራሁም፤ መዝገቡ አለ።

መንደሪቱ ግን ጋሽ አጥናፉን አልማረቻቸውም። በአማታቸው ቀብር ላይ ከሰው ተለይተው ቆመው አይቻለሁ። ይባስ ብሎ ወይዘሮ በለጡ የምትባል ሴት ከዚያች ምንጭ ጀሪካን አዝላ ስትወጣ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ታነክሳለች። በየበዓሉ ስማቸውን እየጠራች ትረግማለች ይባል ነበር። ኋላ ለመንደሪቱ ሌላ ጉድጓድ ተቆፈረ፤ ርግማኑ ግን አልቆመም።

ጋሽ አጥናፉ ጡረታ ወጥተው ሞላሌ ተቀመጡ። በዚያ ትልቅ ሽማግሌ ሆኑ። የድንበር ጠብ፣ የባልና ሚስት ጠብ፣ የከብት ጠብ፣ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ይመጣል። «አጥናፉ ከተናገረ አለቀ» ይባላል።

እኔም ተራዬ ደረሰና ጡረታ ወጣሁ። በሽኝቴ ቀን ጋሽ አጥናፉ ከሞላሌ ድረስ መጡልኝ። አብረን ፎቶ ተነሣን። ስልክ መጠቀም ማንም አላስተማረኝም፣ ራሴ ነው የተማርኩት፤ የእኔ እኩያ ሁሉ ለልጁ «ደውልልኝ» ሲል እኔ በማኅበራዊ ገጼ ስለ ፓምፕ እጽፋለሁ፣ ሰው ያነበኛል። ያን ፎቶ ሳየው ለጋሽ አጥናፉ በአደባባይ ምስጋና ልጻፍላቸው አልኩ። ሰው ሞቶ ሙሾ ከሚወርድለት በሕይወቱ ቢመሰገን ይሻላል።

ልጄ ፀዳለ አሁን መሐል ሜዳ አስተማሪ ናት። መጀመሪያ የጻፍኩትን አሳየኋት። አነበበችና ሳቀች።

«አባዬ፣ አሥራ አንድ ጊዜ ‹እኔ› ብለሃል። የማን ምስጋና ነው ይሄ?»

«እሳቸው እኔን ስለረዱ ነዋ!»

«ይሁን፤ ግን ሰው ስልኩ ላይ መጀመሪያ የሚያየው ሁለት ሦስት መስመር ነው። ሌላው ‹ተጨማሪ› ካልተባለ አይከፈትም። አንተ እዚያ መስመር ላይ ‹ብዙ ዓመት በትጋት ያገለገልኩት እኔ› ብለህ ተቀምጠሃል። ስማቸውን አስቀድም። ደግሞ ‹ስለ ሁሉም ነገር አመሰግናለሁ› አትበል፤ ለማንም የሚባል ነው። ያደረጉልህን አንድ ነገር ለይተህ ተናገር። በዚያ ክፉ ዓመት ያደረጉልህን። አጭር ይሁን።»

ምክሯ ልክ ነበር፤ ዛሬም ልክ ነው እላለሁ። ማታ እራት በልታ ሄደች። እኔ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ አፈረስኩት፣ ሦስት ጊዜ ጻፍኩት። ያደረጉልኝን አንድ ነገር ስፈልግ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው ያለው። የጻፍኩት ይህ ነው፤

«በፎቶው ላይ ከጎኔ የቆሙት ጋሽ አጥናፉ ናቸው፣ መምህሬ። ባለቤቴ ታማ ባረፈችበት ዓመት ግሼ ውስጥ በአንዲት መንደር የውኃ ጉድጓድ ቱቦ ጣልኩ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ጋሽ አጥናፉ ግን በቢሮም በሕዝብም ፊት ቆመው ‹የጣልኩት እኔ ነኝ› አሉ፤ መድኃኔዓለምን ጠርተው። እሳቸው ተዋርደው እኔ እንጀራዬን በላሁ። ጋሼ፣ ውለታዎን ሳልናገር አልሙት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

የመንደሪቱንም ስም አስገብቼ ነበር፤ እዚህ አውጥቼዋለሁ። ማን ያንብበው ለሚለው ጥያቄ ከጓደኞች ይልቅ ሁሉም ሰው የሚለውን መረጥኩ። ጋሽ አጥናፉ የሚደውሉበት እንጂ የሚጻፍበት ስልክ የላቸውም፤ ስለዚህ ደብረ ብርሃን ያለችውን ልጃቸውን ብርቱካንን ታግ አደረግኩ። ታግ ማለት የሰውን ስም ጽሑፉ ላይ ማሰር ነው፤ የእሷም ወዳጆች ያዩታል። ለጠፍኩት።

ጋሽ አጥናፉን ራሳቸውን አልጠየቅኳቸውም። በሐሳቤም አልመጣም። ምስጋና ያስፈቅዳል ብሎ የነገረኝ አልነበረም፣ እኔም ሁሉን አውቃለሁ ባይ ነኝ።

በነጋታው ስልኬ ሲጮኽ ዋለ። የቀድሞ አለቆቼ ሳይቀሩ ጻፉ። «እንዲህ ያለ ሰው ያብዛልን።» «ባለውለታን ማስታወስ ትልቅነት ነው፣ ጋሽ ጌታነህ።» ሼር አደረጉት፣ ከሼሩ ላይ ሌላው ሼር አደረገው። በወሬ ብቻ የማውቃቸው ሰዎች መንገድ ላይ አስቁመው ጨበጡኝ። ለሦስት ቀን ደስታዬ ወደር አልነበረውም።

በሦስተኛው ቀን ማታ የብርቱካን ስም ከጽሑፉ ላይ እንደሌለ አየሁ። ስልኬ የተበላሸ መሰለኝና መልሼ አሰርኩት። በማግሥቱ እንደገና ጠፋ። እንደገና አሰርኩት። ከዚያ ኮሜንቶቹን ሳነብ አንዱን አገኘሁ፤ የወይዘሮ በለጡ ልጅ ነው። «እናቴ ይህን ሁሉ ዓመት የምትረግመው ሌላ ሰው ነበር ማለት ነው?» ይላል። ከሥሩ ሌላ ሰው፤ «መድኃኔዓለምን ጠርቶ የዋሸ ሰው ነው እንግዲህ ሞላሌ ላይ የሚያስታርቀው?» ለዚህ ረዘም ያለ መልስ ጻፍኩ፤ የእሳቸውን ደግነት የማያውቅ ዝም ይበል ብዬ። መልሴ ነገሩን አቀጣጠለው። ሰው የሚከራከርበትን ጽሑፍ ገጹ ለብዙ ሰው ያሳያል፤ ይህን ያወቅኩት ኋላ ነው።

ፀዳለ ደወለች።

«አባዬ፣ ጋሽ አጥናፉን ጠይቀሃቸዋል?»

«ምኑን?»

«አባዬ... ታጉ ሁለት ጊዜ የጠፋው ስልክህ ተበላሽቶ አይደለም፤ ያወጣችው ብርቱካን ናት። እያለቀሰች ነው የደወለችልኝ።»

«አንቺ አይደለሽም አንድ ነገር ለይተህ ተናገር ያልሽው?»

«ብያለሁ። የእነሱን ምሥጢር አውጣ አላልኩም፤ መሐላ መኖሩንም አላውቅም ነበር። አንተ እንደጣልከውም የሰማሁት እንደ ሰው ሁሉ እዚያ ላይ ነው። እማዬ ሆስፒታል እያለች...» አለችና ዘጋችው።

የሆነው ይህ ነው። በዚያ ሳምንት ሞላሌ ላይ ሁለት ወንድማማቾች በእርሻ ድንበር ተጣልተው ጋሽ አጥናፉና ሌሎች ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ጋሽ አጥናፉ ፍርዳቸውን ሲናገሩ የተፈረደበት ወንድም ልጅ ተነሥቶ ስልኩን ከፈተና ጽሑፌን ጮክ ብሎ አነበበው። ከዚያ «ለወዳጁ ሲል የሚምል ሰው ለአጎቴስ ሲል አይፈርድም?» አለ። ሽማግሌዎቹ ተቆጡ፤ «ዝም በል፣ ባለጌ!» አሉት። ጋሽ አጥናፉ ግን እጃቸውን አነሡ። «አትቆጡት። ያነበበው እውነት ነው፤ ዋሽቻለሁ» አሉ። ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡና ሄዱ።

እኔ ጽሑፉን ላጥፋው ብዬ ጣቴን ካኖርኩ በኋላ ተውኩት። ካጠፋሁት ከእኔ ገጽና ከሼሮቹ ላይ ይጠፋል፤ ስክሪንሾት ያነሡት ግን አያጠፉትም። ደግሞ «አጠፋው፣ ስለዚህ ሌላም አለ» ይባላል። ላስተካክለው ብል የተስተካከለውም የቀድሞውም አብሮ ይታያል። የወደቀ ቱቦ ነው፤ ከላይ ሆነህ የምትስበው ነገር የለም። በማግሥቱ ሞላሌ ሄድኩ።

ጋሽ አጥናፉ ከቤታቸው ጀርባ ጎመን እየኮተኮቱ ነበር። አዩኝና ቀና አሉ።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። ላመሰግንዎ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ለክፋት አይደለም።»

«ለክፋት ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ክፉን ሰው እዘጋለሁ። አንተን ምን ላድርግህ?» ብለው ዶማውን ተደገፉ። «ያን ውሸት ለንስሐ አባቴ ተናግሬ፣ ሰግጄ፣ ጾሜ ጨርሼዋለሁ። በእኔና በእግዚአብሔር መካከል ተዘግቶ ነበር። የሰውን ቁጣ ግን የወሰድኩት አውቄ ነው፤ ዋጋው ነበር። አንተ መጥተህ ሰው ፊት ከፈትከው። ከእንግዲህ እኔ ‹እውነት ተናገሩ› ብል ማን ይሰማኛል?»

«ላጥፋው?»

«አታጥፋው። ሁለተኛ ውሸት ይሆናል።»

በሕይወቴ ቃል የጠፋብኝ ሁለት ጊዜ ነው፤ ይህ ሁለተኛው ነው።

«በለጡ ዘንድ ሂድ» አሉኝ በመጨረሻ። «ልጇ ያነበበላት እንደሆነ አላውቅም። ካነበበላትም የስልክ ወሬ ነው። የዳሌዋ ነገር በአንተ አፍ ይነገራት። ለሷ ነበር መጀመሪያ የሚነገር።»

ሄድኩ። ራቤል ድረስ በመኪና፣ ከዚያ በእግር። ያን አፋፍ ድሮ ቱቦ ተሸክሜ እየዘፈንኩ እወርደው ነበር፤ አሁን አምስት ጊዜ አረፍኩ። ወይዘሮ በለጡ ደጃፏ ላይ ሱፍ ትፈትላለች። እንዝርቷን ሳታቆም ሰማችኝ። ሁሉን ነገርኳት፤ አንዱን ብሎን፣ ገመዱን፣ ዝም ብዬ መቆሜን።

«ልጄ አንብቦልኛል» አለች። «አላመንኩም ነበር። እስኪ እጅህን አሳየኝ።»

አሳየኋት።

«ይሄ ነው እንግዲህ። ስንት ዓመት የሌላውን እጅ ይቆረጥ ስል ኖርኩ።» እንዝርቷ ቆመ። «አንተን አሁን ልርገምህ? አርጅተሃል፣ ምኑን ረገምኩህ። የእሱን እርግማን ግን እንዴት አድርጌ ልመልሰው? ሚስቱ የሞተች ጊዜ ‹ደረሰልኝ› ብያለሁ እኮ። ሰው ይሰማኛል አላልኩም፤ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።»

«ይፍቱኝ ብለሽ ላኪላቸው፣ አደርሳለሁ።»

«አንተ አታደርስም» አለች። «አንተ የያዝከው ነገር ይወድቃል።»

ሳቀች፤ ሳቋ ግን ወዲያው ወደ ልቅሶ ተለወጠ። ልጇ በበቅሎ እስኪያደርሳት ሁለት ሳምንት ጠበቀች። ሞላሌ ስትደርስ ጋሽ አጥናፉ ደጃቸው ላይ ወጥተው ከበቅሎዋ ራሳቸው አወረዷት። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። በሩ ተዘግቶ ነበር፣ እኔም አልጠየቅኩም። መጠየቅ ያለብኝንና የሌለብኝን መለየት በዚህ ዕድሜዬ እየተማርኩ ነው፤ ያለ አስተማሪ፣ እንደ ልማዴ።

ሽማግሌዎቹ ጋሽ አጥናፉን ይመለሱ ብለው ሁለት ጊዜ ለመኗቸው። እምቢ አሉ። «የተጠረጠረ ሚዛን እህል አይሰፈርበትም» አሏቸው። አሁን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሲታረቅ እሳቸው በዚያ አልፈው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። የፈረዱት የድንበር ነገርም ፈርሶ ወንድማማቾቹ ፍርድ ቤት ናቸው። ጽሑፌ አለ፤ እስከ ዛሬ ከሩቅ አገር ያለ ሰው እየደረሰበት «እንዲህ ያለ ሰው ያብዛልን» ይላል። መልስ አልሰጥም።

ፀዳለ አሁን ታናግረኛለች፤ ስለ እናቷ ግን ሳነሣ ወሬ ትለውጣለች።

ይህን የሥራ ዘመኔን ትዝታ ለማሳተም ስነሣ መጀመሪያ ወደ ሞላሌ ወሰድኩት። ጋሽ አጥናፉ ዓይናቸው ደክሟል፤ ከፊታቸው ተቀምጬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው። ስማቸውን ለውጥ አሉኝ፣ ለወጥኩ። የመንደሪቱን አውጣ አሉኝ፣ አወጣሁ። ስለ ባለቤታቸው የጻፍኳቸውን ሁለት መስመሮች ሰርዝ አሉኝ፣ ሰረዝኩ። በለጡ የተናገረችውን ግን «ራሷን ጠይቃት» አሉ፤ ጠየቅኳት፣ «ይጻፍ፣ ብያለሁና» አለች።

አንብቤ ጨረስኩ። «እንዴት ነው፣ ጋሼ? ጥሩ ነው?» አልኳቸው፤ ጥሩ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ከእሳቸው አፍ መስማት ፈልጌ ነው።

«ጥሩ ጽፈሃል» አሉኝ። «በለጡ ግን እንዳነከሰች ናት።»

ይህንንም እንድጨምረው ጠየቅኳቸው። ጨምር አሉኝ።